አናቱና ግርጌው ልክ፣ መሃሉ የተዛባ፦ የአንድ የድሬዳዋ መጽሔት ገጽ 14 እና 15

ጉዳዩ ድሬዳዋ ውስጥ የሚዘጋጅ የአንድ ማኅበር መጽሔት ነው። መጠኑ ኤ4፣ ገጹ 32፣ የውስጥ ወረቀቱ 80 ግራም፣ አሰፋፉ ደግሞ መሃሉ ላይ በሽቦ ነው። ፋይሉ ከዚራ ወደሚገኘው ቢሯችን የመጣው ለህትመት እንድናዘጋጀው ነበር። ሌይአውቱን የሠራችው ልጅ በትርፍ ሰዓቷ የምትሠራ፣ ዓይኗ ጥሩ የሆነ ዲዛይነር ናት። ሠላሳው ገጽ ብዙም አላነጋገረንም። ያነጋገሩን ፊትለፊት የሚተያዩት ገጽ 14 እና 15 ናቸው።

እነዚህ ሁለት ገጾች የያዙት የምድር ባቡሩን ታሪክ ነው፦ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ መድረሱን፣ መጀመሪያ ሐረር ይገባል ተብሎ ሳለ ተራራው ስላስቸገረ ከታች ሜዳው ላይ መቅረቱን፣ አዲሷ ከተማም ለጥቂት ጊዜ አዲስ ሐረር መባሏን። እያንዳንዱ ገጽ በሦስት ዓምድ የተከፈለ ነው። ገጽ 14 አናት ላይ አንደኛውን ዓምድ ብቻ የሚይዝ የለገሀር ፎቶ አለ፤ ገጽ 15 ግርጌ ላይ ደግሞ ሁለት ዓምድ የሚሸፍን፣ ዓመተ ምሕረቶች የተዘረዘሩበት ሳጥን። በጽሑፉ መሃል አራት ንዑስ ርዕሶች ገብተዋል።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ቅሬታውን በቃላት ማስረዳት አልቻለም። ፕሩፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «አቦ፣ ይሄ ገጽ ያዞራል» አለ። ዲዛይነሯ በበኩሏ ሁሉም ዓምድ አናቱም ግርጌውም እኩል መሆኑን እያሳየች ምን ጎደለው ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ማስመሪያ አግድም አስቀምጠን ስናየው፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓምድ የመጀመሪያ መስመር አንድ ላይ ነው፤ የመጨረሻውም እንዲሁ። መሃል ላይ ግን የአንዱ ዓምድ ፊደል ከጎረቤቱ ዓምድ ክፍተት ፊት ለፊት ይቆማል። አንባቢ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ሲሻገር ዓይኑ የሚያርፍበት ያጣል። አዘጋጁን ያዞረው ይሄ ነው።

አናትና ግርጌ ልክ ሆኖ መሃሉ ብቻ የሚዛባው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ እዚህም ያው ሆኖ ተገኘ። ዲዛይነሯ የዓምዶቹን ግርጌ እኩል ለማድረግ በኢንዲዛይን Text Frame Options ውስጥ Vertical Justification የሚለውን Justify ላይ አድርጋዋለች። ይህ ትእዛዝ ጽሑፉ ፍሬሙን እስኪሞላ ድረስ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለጥጣል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ዓምድ 52 መስመር አለው፤ በመስመርና መስመር መካከል 14 ፖይንት ሲሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ 714 ፖይንት ይሆናል። ሦስተኛው ዓምድ ያለው 51 መስመር ነው፤ እሱም ያንኑ 714 ፖይንት እንዲሞላ ሲገደድ ርቀቱ 14.28 ይሆናል። 0.28 ፖይንት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ስለሆነ ማንም አያየውም። ግን ይጠራቀማል። ሃያ ስድስተኛው መስመር ላይ ልዩነቱ 7 ፖይንት ይደርሳል፣ ያም ልክ የመስመሩ ግማሽ ነው። ከዚህ የከፋ ቦታ የለም፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግርጌው ሲወርድ ተመልሶ እየተቃረበ ይሄዳል።

ሁለተኛ ምክንያትም ነበር፣ ግን ቀላል ነው። ጽሑፉ ከወርድ ሲገለበጥ ከንዑስ ርዕሶቹ በላይ ያሉ ባዶ አንቀጾች አብረው መጥተዋል፤ መጠናቸውም 12 ፖይንት፣ ሊዲንጋቸውም፣ ማለትም የመስመር ርቀታቸው፣ Auto ነው። ኢንዲዛይን Auto ሲባል የፊደሉን መጠን 120 በመቶ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ባዶ አንቀጽ 14.4 ፖይንት ይይዛል። እነሱን አጥፍተን ክፍተቱን ወደ ስታይሉ ወሰድነው።

መፍትሔው ቤዝላይን ግሪድ ነው፤ ማለትም በሁለቱም ገጽ ላይ በእኩል ርቀት የተሰመሩ፣ በህትመት የማይታዩ መስመሮች አስቀምጦ የእያንዳንዱን ዓምድ ፊደል እነሱ ላይ ማሳረፍ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ አብርቶ የሚጠቀምበት ግን ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ብዙዎች መጀመሪያ ሲሞክሩት ጽሑፋቸው ይበታተንባቸዋል። ዲዛይነሯም ከዚህ በፊት ሞክራ ትታዋለች። እንድታሳየን ስንጠይቃት የዋናውን ጽሑፍ ስታይል ከፍታ Align to Grid የሚለው ላይ All Lines አለች። ጽሑፉ ወዲያው መስመር እየዘለለ የተጻፈ መሰለ፤ ግማሽ ያህሉ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ብሎ ቀይ የመደመር ምልክት ወጣ።

ይህ የፕሮግራሙ ብልሽት አይደለም። ኢንዲዛይን ሲመጣ ግሪዱ በየ12 ፖይንቱ ነው የተሰመረው። የእሷ ሊዲንግ 14 ነው። አንድ መስመር ግሪዱ ላይ ካረፈ በኋላ ቀጣዩ ቢያንስ 14 ፖይንት መውረድ አለበት፤ በ12 ላይ ያለው መስመር ቀድሞ አልፏል፣ ስለዚህ በ24 ላይ ያለውን ይጠብቃል። ውጤቱ በ14 ፋንታ 24 ፖይንት ርቀት ነው። ሊዲንጉ ከግሪዱ በጥቂቱ እንኳ ከበለጠ መስመር ይዘለላል፤ ካነሰ ደግሞ ግሪዱ ያሸንፍና ሊዲንጉ የተጻፈበት ቁጥር ትርጉም ያጣል። ስለዚህ የግሪዱ እርምጃና የዋናው ጽሑፍ ሊዲንግ አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። ቁጥሩን ደግሞ የሚወስነው ጽሑፉ ነው፤ ግሪዱ ይከተላል።

እኛም ከዚያ ጀመርን። ያው አንቀጽ በ10 ፖይንት ፊደል ሦስት ጊዜ፣ ሊዲንጉን 12፣ 13 እና 14 እያደረግን በዚያው 80 ግራም ወረቀት ላይ አተምነው። የላቲን ጽሑፍ በ10 ላይ 12 ደህና ይነበባል፤ ትናንሾቹ ፊደላት ዝቅ ያሉ ስለሆኑ በመስመሮቹ መካከል የሚታየው ነጭ ቦታ ሰፊ ነው። የእኛ ፊደል ትንሽና ትልቅ የለውም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ሙሉ ቁመቱን ይዞ ይቆማል። በ12 ላይ እንደ ቷ እና ሟ ያሉት ከግርጌ የሚጨምሩት ሰረዝ ከታች ካለው ሎ አናት ጋር ሊገናኝ ይደርሳል። 13 ለእኔ ይበቃኝ ነበር። አዘጋጁ ግን አንባቢዎቹ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞች መሆናቸውን አስታውሶ 14ን መረጠ፤ ክርክር አላነሳሁም።

ከዚያ ገጹን ለካን። የኤ4 ቁመት 297 ሚሊሜትር ነው፣ በፖይንት 841.89። ግሪዱን ከገጹ አናት ከዜሮ ብናስጀምረው መስመሮቹ በ14፣ 28፣ 42 እያሉ ይወርዳሉ። የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር አምስተኛው ላይ፣ ማለትም በ70 ፖይንት ላይ እንዲያርፍ አደረግን፤ የመጨረሻው ሃምሳ ስድስተኛው ላይ፣ በ784 ላይ። መካከላቸው 52 መስመር ይገባል፣ ዲዛይነሯ ቀድሞ የነበራትን ያህል። ከግርጌ የቀረው 58 ፖይንት ገደማ፣ ወይም ከ20 ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ለገጽ ቁጥሩ ይበቃል።

ማስተካከያው Edit ከዚያ Preferences ከዚያ Grids ውስጥ ነው። የገባው ይህ ነው፦

```
Start:           0 pt
Relative To:     Top of Page
Increment Every: 14 pt
View Threshold:  50%
```

Relative To የሚለው ላይ Top Margin የሚል ሌላ ምርጫ አለ። Top of Pageን የመረጥነው ገጽ 14 እና 15 የተሠሩት የላይ ህዳጋቸው በጥቂቱ በሚለያይ ሁለት ማስተር ገጽ ስለነበር ነው። የገጽ አናት ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ከእሱ የሚቆጠር ግሪድ ከግራው ገጽ ወደ ቀኙ ሳይሰበር ያልፋል። View Threshold ደግሞ ከስንት በመቶ ማጉያ በታች ግሪዱ እንደማይታይ የሚወስን ቁጥር ነው። ሲመጣ 75 ነው፤ ሁለቱን ገጽ በአንድ ላይ ለማየት አሳንሶ የሚሠራ ሰው ግሪዱን አብርቶትም አያየውም፣ አልሠራም ብሎም ይተወዋል። ለዚህ ነው ዝቅ ያደረግነው።

ቀጥሎ የዋናው ጽሑፍ ስታይል ላይ ሊዲንጉ 14 መሆኑን አረጋግጠን All Lines አልነው፤ Vertical Justificationን ወደ Top መለስነው። የፍሬሞቹ First Baseline Offset ደግሞ Ascent ላይ ነበር። Ascent ማለት የመጀመሪያው መስመር ከፍሬሙ አናት የሚወርደው ፊደሉን የሠራው ሰው በወሰነው ቁመት መጠን ነው ማለት ነው፤ ቁመቱ ደግሞ ከፊደል ፊደል ይለያያል፣ በአማርኛ ፊደሎች ላይ ልዩነቱ በተለይ ሰፊ ነው። ፍሬሙ ለግሪዱ መስመር ትንሽ ሲቀርብ የመጀመሪያው መስመር አልበቃ ብሎት ወደ ቀጣዩ ይዘላል። አንድ ዓምድ ከጎረቤቱ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ሲጀምር ካያችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይሄንን ነው። ምርጫውን Leading አደረግነውና የፍሬሞቹን አናት በ56 ፖይንት ላይ አስቀመጥን። 56 ላይ 14 ሲጨመር 70 ነው፤ የትኛውም ፊደል ቢገባ ለውጥ የለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ግማሽ ሰዓትም አልፈጀም። ጊዜ የወሰዱት ንዑስ ርዕሶቹ ናቸው።

ንዑስ ርዕሶቹ 15 ፖይንት ደማቅ ፊደል ናቸው። ሁለቱ አንድ መስመር ይይዛሉ፤ «ባቡሩ ሐረርን ለምን ተዋት?» የሚለውን ጨምሮ ሁለቱ ደግሞ ጠባቡ ዓምድ ውስጥ አልበቃ ብለው ሁለት መስመር ሆነዋል። ዲዛይነሯ እነሱንም ግሪዱ ላይ አሳረፈቻቸው። አንድ መስመር የሆኑት አማረባቸው። ሁለት መስመር የሆኑት ግን ሊዲንጋቸው 18 ስለሆነና ከ14 ስለሚበልጥ፣ ከላይ የነገርኳችሁ መዝለል ደረሰባቸው፤ ሁለቱ የርዕስ መስመሮች በ28 ፖይንት ተለያይተው ሁለት የተለያዩ ርዕሶች መሰሉ። First Line Only የሚለው ምርጫ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ስለሚይዝ ይህንን ይፈታል፤ ሌላ ችግር ግን ያመጣል። ከርዕሱ በላይ አንድ ባዶ መስመር ብንተው የመጀመሪያው የርዕስ መስመር ካለፈው አንቀጽ 28 ፖይንት ይወርዳል፣ ሁለተኛው 46 ላይ ያርፋል፣ ተከታዩ ጽሑፍ 60 ላይ መሆን ሲገባው የሚቀጥለውን የግሪድ መስመር ፈልጎ 70 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ርዕሱ ከበላዩ 28፣ ከበታቹ 24 ፖይንት ይኖረዋል ማለት ነው። የማን ርዕስ እንደሆነ አይታወቅም፤ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ይንሳፈፋል።

የያዘልን መንገድ ርዕሱን ጭራሽ ከግሪዱ ነፃ አድርጎ ጽሑፉን ብቻ እንደተያዘ መተው ነው። ቁጥሮቹ ከታሰበባቸው አንድ ስታይል ለሁለቱም ዓይነት ርዕስ ይሆናል። ሊዲንግ 18፣ ከበላዩ ክፍተት 6፣ ከበታቹ ምንም። አሁን የርዕሱ የመጀመሪያ መስመር ካለፈው አንቀጽ 24 ፖይንት ይወርዳል። ርዕሱ ሁለት መስመር ከሆነ ሁለተኛው 42 ላይ ይሆናል፣ ተከታዩ ጽሑፍ 14 ወርዶ 56 ላይ ያርፋል፤ 56 ደግሞ ልክ አራት የግሪድ መስመር ነው። ርዕሱ አንድ መስመር ከሆነ ጽሑፉ 38 ላይ መሆን ይገባዋል፣ ግሪዱ ግን 42 ላይ ያሳርፈዋል፣ ሦስት መስመር። በመጀመሪያው ከበላይ 24 ከበታች 14፣ በሁለተኛው ከበላይ 24 ከበታች 18። ሁለቱም ላይ ርዕሱ ከሚከተለው ጽሑፍ ጋር ተጠግቶ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍም ከጎረቤት ዓምድ ጋር ይገጥማል። ርዕሱ ራሱ ግሪዱ ላይ አለመሆኑን ማንም አያስተውለውም፤ ፊደሉ ትልቅና ደማቅ ስለሆነ ከጎረቤቱ መስመር ጋር የሚያነጻጽረው ዓይን የለም።

ይህን ጨርሰን ደስ ሲለን ገጽ 15 ሁለተኛው ዓምድ ላይ አንዱ ርዕስ አናት ላይ ወጣ። ፍሬም አናት ላይ ያለ አንቀጽ የበላዩ ክፍተት አይቆጠርለትም፤ ስለዚህ 6ቱ ፖይንት ጠፋ። ፍሬሙ 56 ላይ ይጀምራል፣ የርዕሱ ሊዲንግ 18 ነው፣ ርዕሱ 74 ላይ አረፈ። ጎረቤቶቹ ዓምዶች 70 ላይ ናቸው። አራት ፖይንት ወደ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ጽሑፉ መሃል ላይ የማይታይ ልዩነት ገጽ አናት ላይ ቀጥ ካለ መስመር አጠገብ ሲሆን ወዲያው ያስታውቃል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍም 88 ላይ መሆን አቅቶት 98 ላይ ወረደ። ለዚህ የርዕሱን ስታይል ገልብጠን ለዓምድ አናት የሚሆን ሌላ ሠራን፤ ሊዲንጉ 14፣ ግሪዱ ላይ የተያዘ። ርዕሱ 70 ላይ ወጣ፣ ጽሑፉ 84 ላይ ተከተለው። ይህ የሚሠራው ርዕሱ አንድ መስመር ሲሆን ብቻ ነው። ሁለት መስመር ርዕስ በ15 ፖይንት ፊደልና በ14 ሊዲንግ ይጣበቃል፤ እንዲህ ሲሆን አዘጋጁን ከላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲያሳጥር ወይም እንዲጨምር መለመን ይሻላል።

ሳጥኑ ሌላ ጥያቄ ነበር። የውስጡ ጽሑፍ 8 ፖይንት ነው፦ በ1897 ግንባታው ከጅቡቲ መጀመሩ፣ በ1902 ድሬዳዋ መድረሱ፣ በ1917 አዲስ አበባ መግባቱ እያለ ይቀጥላል። 8 ፖይንት ፊደል በ14 ሊዲንግ ሰፊና የተበታተነ ይሆናል። በ11 ወይም በ10 ብናደርገው ደግሞ ከጎኑ ካለው ዓምድ ጋር በቅርብ አይገናኝም። 10.5 ግን ይገጥማል፤ አራት የሳጥን መስመር 42 ነው፣ ሦስት የዋናው ጽሑፍ መስመርም 42። ስለዚህ በየአራተኛው መስመር ሁለቱ ይገናኛሉ። በሳጥኑ ፍሬም Text Frame Options ውስጥ Baseline Options የሚለው ገጽ ላይ Use Custom Baseline Gridን አብርተን 10.5 አስገባን፤ ይህ ለዚያ ፍሬም ብቻ የሚሠራ የራሱ ግሪድ ነው። ከዚያ የሳጥኑን የመጀመሪያ መስመር ከዋናው ጽሑፍ አንድ መስመር ጋር እስኪገናኝ ድረስ ፍሬሙን በእጅ አንቀሳቀስነው። የፎቶ መግለጫውንም በዚያው 8 በ10.5 ጻፍነው፣ ግሪድ ላይ ግን አልያዝነውም፤ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ ጥቅሙ አልታየኝም።

ፎቶው ላይ አዘጋጁና እኔ አልተስማማንም ነበር። እሱ የፎቶው አናት ከፍሬሞቹ አናት ከ56 ፖይንት ጋር እንዲገጥም ይፈልጋል። ግን አንባቢ ፍሬም አያይም፤ የሚያየው ከፎቶው ጎን የሚቆመውን የሁለተኛውን ዓምድ የመጀመሪያ መስመር ነው። ፎቶው 56 ላይ ከጀመረ ከፊደሉ አናት በላይ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ የፎቶውን የላይ ጠርዝ ከመጀመሪያው መስመር ፊደላት አናት ጋር አመጣነው፤ መለኪያው እንደ በ እና መ ያሉት ተራ ፊደላት ናቸው፣ እንደ ሎ ቀለበቱ ከላይ የሚወጣው አይደለም። የታች ጠርዙን ደግሞ አንድ የግሪድ መስመር ላይ አሳረፍነው። ፎቶው ትንሽ አጠረ፣ ከሰማዩ ተቆረጠ። አዘጋጁ ካየው በኋላ ዝም አለ፤ የድሬ ሰው ዝም ካለ ተስማምቷል ብዬ ወሰድኩት።

የገጽ 14 ሦስተኛው ዓምድ አሁን 51 መስመር ብቻ ስለሆነ ግርጌው ላይ አንድ መስመር ባዶ ቀረ። ዲዛይነሯ መጀመሪያ የሸሸችው ይህን ነበር፣ Justifyንም ያመጣው እሱ ነው። አንድ መስመር ያጠረ ዓምድ አንባቢን አይረብሽም፤ 51 መስመር በሙሉ ሲንሸራተት ግን ይረብሻል። ብትችሉ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል ብቻዋን የቀረችበት አንቀጽ ፈልጉ፤ ሁለት ቃል ጨምራችሁ ወይም ቀንሳችሁ መስመሩን ታገኙታላችሁ። እኛ ግን ባለበት ተውነው።

ፕሩፉ ሲወጣ ሁለት ነገር አየን። መጀመሪያ ገጽ 13 እና 14 የአንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ ስለሆኑ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ አነሳነው። 80 ግራም ወረቀት የጀርባውን ጽሑፍ ያሳያል። ድሮ የጀርባው መስመር በፊተኛው ክፍተት ውስጥ እየገባ ገጹን ግራጫ ያደርገው ነበር፤ ገጽ 13ም በዚያው ግሪድ ከተስተካከለ በኋላ የጀርባው መስመር ከፊተኛው መስመር ሥር ተደበቀ፣ ክፍተቱም ነጭ ሆነ። ለእኔ በቀጭን ወረቀት ላይ ለሚታተም መጽሔት ከዓምዶቹ መግጠም ይልቅ ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ገደቡ ነው። ገጽ 14 እና 15 ስክሪኑ ላይ አንድ ወረቀት ይመስላሉ፣ በማተሚያው ላይ ግን አይደሉም። 32 ገጽ በሽቦ ሲሰፋ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ፊት የሚጋሩት ገጾች ድምራቸው 33 ይሆናል፤ ገጽ 14 ከ19 ጋር፣ 15 ደግሞ ከ18 ጋር ነው የሚታተመው። ፊት ለፊት የሚገናኙት ከታጠፉና ከተደራረቡ በኋላ ነው። እጥፋቱ አንድ ሚሊሜትር ቢዛባ 2.8 ፖይንት ነው፣ የመስመሩ አንድ አምስተኛ። ከታተሙት ጥቂቶቹን ስንፈትሽ በ14 እና 15 መካከል እንደዚህ ያለ ልዩነት ያለባቸው ነበሩ። በየገጹ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ዓምዶች ግን በሁሉም ልክ ናቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ከአንድ ፕሌት ወርደዋል። በሁለቱ ገጾች መካከልም ያለ ጥርጥር የሚገጥመው የመሃሉ 16 እና 17 ነው፤ ድምራቸው 33፣ አንድ ወረቀት ናቸው። ስለዚህ በማጠፊያው ላይ የሚሻገር ሠንጠረዥ ወይም አግድም የሚነበብ ርዕስ ያለው ሰው ቦታውን ከአሁኑ እዚያ ይያዝ።

አዘጋጁ ለሚቀጥለው እትም ጽሑፍ ስለበዛበት ፊደሉን ወደ 9.5፣ ሊዲንጉን ወደ 13 ማውረድ ይፈልጋል። ይቻላል፣ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ለውጦ አይወጣም። ግሪዱ 13 ሲሆን የመጀመሪያው መስመር 65 ላይ ከሆነ ፍሬሙ 52 ላይ ይነሳል፤ በዚያው 784 ከፍታ ውስጥ የመጨረሻው መስመር 780 ላይ ሆኖ 56 መስመር ይገባል፣ በየዓምዱ አራት ትርፍ። የሳጥኑ ሊዲንግ 9.75 ይሆናል፣ አራቱ ከሦስት 13 ጋር በ39 ላይ እንዲገናኙ። ንዑስ ርዕሱ ደግሞ በ18 ሊዲንግ ከቆየ ከበላዩ 3 ፖይንት ብቻ ይተረፍለታል፤ 3 እና 18 እና 18 እና 13 ሲደመሩ 52፣ አራት መስመር። 3 ፖይንት ጠባብ ነው፤ ርዕሱን ወደ 14 ፖይንት አውርዶ ሊዲንጉን 17፣ ክፍተቱን 5 ማድረግ ይሻላል፣ ያም 52 ይሰጣል። ዲዛይነሯ ሁለቱንም አትማ ልታመጣለት ነው።